ጨምሮ መሸጥ ማትረፍ አይደለም

በ1,000 ብር የተገዛ የልጅ ልብስ በ1,500 ብር ተሸጠ። ነጋዴዋ ስንት አተረፈች? ገዢውን ብትጠይቁት አምስት መቶ ብር ይላችኋል። ሱቁን ሊቆጣጠር የመጣው ሠራተኛም አምስት መቶ ይላል። ለሱቁ መክፈቻ ገንዘብ ያበደራት ወንድሟም እንደዚያው ያሰላል። የሚያሳዝነው ግን ነጋዴዋ ራሷም ማታ ሱቋን ስትዘጋ በልቧ የምትይዘው ሒሳብ ያው መሆኑ ነው።

መልሱ ስህተት ነው። በጥቂት ብር የሚስተካከል ስህተት ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት ነበር። አምስት መቶው የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለነጋዴዋ የሚደርሳት ብዙ ጊዜ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ይህ አስተሳሰብ ነጋዴውን ዋናውን ሳያውቅ ያስበላዋል፤ ገዢውንና መንግሥትን ደግሞ የሌለ ትርፍ ያሳያቸዋል። ሁለቱም ጉዳቶች በዓይናችን ፊት እየደረሱ "ገዝቶ ጨምሮ የሸጠ አተረፈ" የሚለው አነጋገር ግን እንደ ተራ እውነት ይደጋገማል።

ነገሩ የሚበላሸው ገና ከመቶኛው ነው። ነጋዴዋ "ሃምሳ በመቶ ጨምሬ ነው የምሸጠው" ስትል ትክክል ናት፤ አምስት መቶው ከመግዣው ሺህ ብር ጋር ሲነጻጸር ግማሹ ነው። ይህ የዋጋ ጭማሪ፣ ወይም ማርክአፕ፣ ይባላል። አምስት መቶውን ከመሸጫው 1,500 ብር ጋር ብናነጻጽረው ግን 33 በመቶ ከሲሶ ነው። የሒሳብ ሰዎች ግሮስ ማርጂን፣ ጠቅላላ የትርፍ ህዳግ፣ የሚሉት ይህን ነው። ብሩ አንድ፣ መቶኛው ሁለት። መቶ በመቶ የጨመረ ሰው ህዳጉ 50 በመቶ ነው፤ ሃያ አምስት በመቶ የጨመረ ሰው ደግሞ 20 በመቶ። ጭማሪ ሁለት መቶም ሦስት መቶም በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ህዳግ ግን ዕቃው በነጻ ካልተገኘ በስተቀር መቶ በመቶ ሊሆን አይችልም።

"ታዲያ ብሩ አንድ ከሆነ በየትኛው ብናሰላው ምን ለውጥ ያመጣል?" የሚሉኝ አሉ። ብዙ ለውጥ ያመጣል። ኪራይ፣ ደመወዝና ወለድ የሚከፈሉት ከሽያጭ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ወጪዎቹን ደምሮ "ከምሸጠው ከእያንዳንዱ መቶ ብር 30 ብር ካልቀረልኝ አልችልም" ብሎ በትክክል ሊደርስበት ይችላል። ከዚያ ሄዶ በመግዣው ላይ 30 በመቶ ይጨምራል፤ የሺህውን ዕቃ 1,300 ብር ይለጥፍበታል። ከ1,300 ብር ውስጥ ሦስት መቶው 23 በመቶ ብቻ ነው። ሠላሳ እንዲቀርለት ሺህውን ለ0.70 አካፍሎ 1,429 ብር ገደማ መለጠፍ ነበረበት። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ወደ 129 ብር በገዛ እጁ ሰጥቷል፤ ዓመቱ ሲያልቅ "ሥራው ጥሩ ነበር፣ ገንዘቡ ግን የት እንደገባ አላውቅም" የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ቅናሽ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ደንበኛ ተከራክሮ ሃያ በመቶ ያስቀንሳል፤ ነጋዴዋም "ሃምሳ ጨምሬ ነበር፣ ሃያ ቀነስኩ፣ ሠላሳ ቀረኝ" ብላ ትጽናናለች። ሃምሳው የተሰላው ከሺህ ነበር፣ ሃያው የተቀነሰው ከ1,500 ነው። ሦስት መቶ ብር ወጣ፣ ዕቃው በ1,200 ሄደ፣ የቀራት ሁለት መቶ ብር ብቻ ነው። በአንድ ክርክር ከአምስት መቶው ሦስት መቶው ሄዷል። በአገራችን ያለ ክርክር የሚሸጥ ልብስ ስንት ነው?

እስካሁን ግን ያወራነው ስለ አንድ ዕቃ ነው። ትርፍ በአንድ ዕቃ አይታወቅም፤ የጊዜ ሒሳብ ይፈልጋል። ስለዚህ ይህችን ነጋዴ አዲስ አበባ ውስጥ፣ መገናኛ አካባቢ ባለ ሕንጻ ላይ፣ አንድ የልጆች ልብስ ቡቲክ እንስጣትና አንድ ወር እንከተላት። ቁጥሮቹን ለምሳሌ እንዲያመቹ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ የወጪዎቹን ዓይነት ግን ሱቅ ከፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቫትን ለጊዜው እናቆየው።

በወሩ 300 ልብስ ሸጠች። የእያንዳንዱ መግዣ ሺህ ብር፣ የተለጠፈበት ዋጋ 1,500 ብር ነው። "ጨምሮ የሸጠ አተረፈ" በሚለው ሒሳብ 150,000 ብር ማትረፍ ነበረባት። ነገር ግን በተለጠፈው ዋጋ የሄደው 180ው ነው። ዘጠና ልብስ በክርክር በ1,350 ብር ወጣ። ሠላሳው ደግሞ ዘመኑ አልፎበት፣ ቁጥሩ ተለቃቅሞ የቀረና በ900 ብር የተሸኘ ነው። ሁሉም ሲደመር ሽያጩ 418,500 ብር ሆነ እንጂ 450,000 አልሆነም።

መግዣውም ሺህ ብር ብቻ አልነበረም። ከመርካቶ እስከ ሱቁ ለጫኝ፣ ለሚኒባስና ለማውረጃ በአንድ ልብስ 20 ብር ወጥቷል፤ ይህ ወጪ የዕቃው ዋጋ አካል ነው። ስለዚህ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 306,000 ብር፣ ጠቅላላ ትርፉ 112,500 ብር ነው። ህዳጉ 27 በመቶ ገደማ። በወረቀት ላይ 33 በመቶ የነበረው ገና ኪራይ ሳይከፈል እዚህ ደርሷል።

ከዚህ 112,500 ብር ውስጥ የሱቁ ኪራይ 45,000 ብር ይወስዳል። ሁለት ሻጮች እያንዳንዳቸው ስምንት ሺህ፣ በላዩ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ በድምሩ 17,760 ብር። መብራት፣ ስልክ፣ ጥበቃና ጽዳት 4,500። ፌስታልና የደረሰኝ ወረቀት 2,500። ሒሳብ ሠራተኛ 3,000። የፈቃድ ዕድሳትና ልዩ ልዩ ለወሩ ሲካፈል 1,500። ለሱቁ መክፈቻ ከባንክ በዓመት 18 በመቶ ወለድ የተበደረችው 400,000 ብር በወር ስድስት ሺህ ብር ወለድ ይጠይቃል። አምስት ልብስ ደግሞ ወይ ተሰርቋል፣ ወይ ሊፕስቲክ ነክቶታል፣ ወይ ዚፑ ተበጥሷል፤ 5,100 ብር። ይህ ሁሉ ሲቀነስ 27,140 ብር ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ያቆማሉ፤ እኔ ግን እዚህ ማቆም አይገባም ባይ ነኝ። ነጋዴዋ በሳምንት ስድስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሱቁ ውስጥ ቆማለች። በእሷ ቦታ ሰው ብትቀጥር በወር 15,000 ብር ትከፍላለች ብንል፣ ያ ገንዘብ የጉልበቷ ዋጋ እንጂ የሱቁ ትርፍ አይደለም። እሱም ሲወጣ ሱቁ ራሱ ያተረፈው 12,140 ብር ነው። ከሽያጩ ጋር ሲነጻጸር ሦስት በመቶ እንኳ አይሞላም። የተጣራ የትርፍ ህዳግ የሚባለው ይህ ነው፤ እሱም ገና የትርፍ ግብር አልተከፈለበትም።

ጭማሪው ሃምሳ፣ ጠቅላላ ህዳጉ ሃያ ሰባት፣ የተጣራው ሦስት። ሦስቱም ስለ አንድ ሱቅ የተነገሩ እውነቶች ናቸው። ስህተቱ የመጀመሪያውን ይዞ የሦስተኛውን ስም መስጠቱ ላይ ነው።

ሦስት በመቶ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ለማየት አንድ ውሳኔ እንሞክር። ጎረቤት ሱቅ ቅናሽ ለጠፈና እሷም በሁሉም ላይ አሥር በመቶ ቀነሰች እንበል። በአማካይ አንድ ልብስ 1,395 ብር ይሸጥ የነበረው 1,255 ብር ከሃምሳ ሳንቲም ሆነ። ከአንዱ ልብስ የሚቀራት ጠቅላላ ትርፍ ከ375 ብር ወደ 235 ብር ከሃምሳ ወረደ። ቀድሞ የነበራትን 112,500 ብር ለማግኘት 300 ልብስ አይበቃም፤ 478 መሸጥ አለባት። አሥር በመቶ ቀንሳ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ገበያ ካላገኘች ቅናሹ ከኪሷ ነው። "ትንሽ ቀንሼ ብዙ እሸጣለሁ" የሚል ሁሉ ይህን "ብዙ" በቁጥር መጻፍ አለበት። ሳይጽፉት የሚቀንሱ ነጋዴዎች ሱቃቸው በሰው ተሞልቶ ይከስራሉ፤ ከስረውም "ገበያውማ ነበረ" ይላሉ።

ነጋዴዋ ይህን ለምን አታየውም? በየቀኑ ካዝናዋ ውስጥ ብር ስላለ ነው። በወር 26 ቀን ብትሠራ በየቀኑ 16,000 ብር ገደማ ይገባል። ይህ ገንዘብ የዕቃ አቅራቢው፣ የአከራዩ፣ የሻጮቹና የባንኩ ሆኖ ሳለ ለጥቂት ቀናት በእሷ እጅ ያልፋል። በእጅ ስላለ የራስ ይመስላል። የተጣራው ትርፍ በቀን ሲካፈል 467 ብር ነው፤ የራሷን ደመወዝ እንኳ ብንጨምርበት ከ1,044 ብር አያልፍም።

ዕቁቡ ደግሞ አለ። ብዙ የሱቅ ነጋዴ ዕቁቡን የሚጥለው ከትርፍ ላይ አስልቶ ሳይሆን ከሽያጭ ላይ አንስቶ ነው። ነጋዴዋ በሳምንት 10,000 ብር ብትጥል በወር 40,000 ይሆናል። ሱቁ ከእሷ ደመወዝ ጋር የሚያስገኘው ግን 27,140 ብር ነው። ወደ 13,000 ብር የሚጠጋው ከዋናው፣ ከመደርደሪያው ላይ እየተነሳ ነው የሚጣለው። ዕጣው ሲደርሳት በአንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ታያለች፤ ቤት ታድሳለች፣ ወይም መኪና ትገዛለች፤ ዘመድም "ንግዱ ያዘላት" ይላል። በዕቁቡ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የሚጣልለትን ይዞ መመለስ ነው ሥራው። የተጣለው ትርፍ ይሁን ዋና አይጠይቅም። ይህን መጠየቅ ያለባት እሷ ናት፤ ለማወቅም መንገዱ አንድ ነው፤ በየወሩ መጨረሻ ዕቃን በመግዣ ዋጋው መቁጠር። ካዝናውና ባንኩ ውስጥ ያለው ገንዘብ፣ የተቆጠረው ዕቃና በዱቤ የተሰጠው ተደምሮ፣ የእሷ ዕዳ ሲቀነስ ካለፈው ወር ካነሰ ንግዱ እየተበላ ነው፤ ካዝናው የፈለገውን ያህል ቢሞላም።

አሁን ወደ ቫት ልመለስ፤ ብዙ ሱቅ ሳይታወቀው የሚደማው እዚህ ላይ ነውና። ለቫት የተመዘገበ ሱቅ ልብሱን "በ1,500 ብር፣ ቫትን ጨምሮ" ብሎ ቢሸጥ የእሱ ሽያጭ 1,500 አይደለም። 1,500 ለ1.15 ሲካፈል 1,304 ብር ገደማ ነው፤ ቀሪው 196 ብር የመንግሥት ነው። ዕቃውን በ1,000 ብር ሲገዛ የቫት ደረሰኝ ከተቀበለ፣ በመግዣው ውስጥ የከፈለው 130 ብር ይቀነስለታል፤ እውነተኛ መግዣው 870 ብር ሆኖ 435 ብር ገደማ ይቀርለታል። ያለ ደረሰኝ ከገዛ ግን የሚቀነስለት የለም፤ ከ1,304 ላይ ሙሉው ሺህ ብር ወጥቶ 304 ብር ይቀራል።

ሁለቱም ነጋዴዎች "በሺህ ገዝቼ በሺህ አምስት መቶ ሸጥኩ" ይላሉ። የአንዱ ጠቅላላ ህዳግ 33 በመቶ ነው፣ የሌላው 23። በ300 ልብስ ልዩነቱ በወር ወደ 39,000 ብር ይደርሳል፤ የዚያችን ነጋዴ የተጣራ ትርፍ ሦስት ጊዜ ያጠፋል። በዚህ ላይ ደረሰኝ የሌለው መግዣ በትርፍ ግብር ጊዜ እንደ ወጪ ለመያዝ ያስቸግራል፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ ወጪውን ካልተቀበለው ነጋዴው ባላገኘው ትርፍ ላይ ግብር ይከፍላል። አከፋፋዩ "ያለ ደረሰኝ ሃምሳ ብር እቀንስልሃለሁ" ሲለው ርካሽ ያገኘ የመሰለው ቸርቻሪ በእያንዳንዱ ዕቃ 130 ብር ትቶ መሄዱን አያሰላም። ያላሰላበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ትርፍ የሁለት ዋጋዎች ልዩነት ብቻ ነው።

አምስት መቶው ብር በሌላ መንገድም ይጠፋል፤ ይህንኛው በ2016 ክረምት በሰፊው ታይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ልብስ የሚሸጥ ሰው በሺህ የገዛውን ዕቃ ለመተካት 1,600 ብር ተጠየቀ እንበል። መደርደሪያው ላይ ያለውን በ1,500 ከሸጠ በደብተሩ አምስት መቶ አተረፈ፤ በሱቁ ግን ለሚቀጥለው ልብስ መቶ ብር ጎደለው። የሦስት ወር ዕቃ፣ 900 ልብስ፣ የነበራት ነጋዴያችን በቀድሞው አማካይ ዋጋዋ ሁሉንም ብትሸጥ 1,255,500 ብር ታገኛለች። አንድ ብር ኪራይ ሳትከፍል፣ ሳትበላ ሳትጠጣ፣ የምትተካው 784 ልብስ ብቻ ነው። ወጪዎቿን ስትከፍል ደግሞ ከ640 በታች ይወርዳል። መደርደሪያዋ ሲሳሳ፣ ግብሩ ግን በቀድሞው መግዣ ዋጋ ተሰልቶ "ትርፍ" በተባለው ላይ ይጠየቃል።

በዚያው ሰሞን በአሮጌ ዋጋ የገቡ ዕቃዎች በአዲስ ዋጋ ሲሸጡ "ስግብግብነት ነው" ተባለ፤ ሱቆችም ታሸጉ። ዕቃ ደብቆ ገበያን ያስራበ ሰው መጠየቅ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በመተኪያ ዋጋ መሸጥ በራሱ ዝርፊያ አይደለም። በዚያን ጊዜ የታየው ልዩነት ለነጋዴው ትርፍ የሚሆነው ሱቁን ዘግቶ ከንግዱ ከወጣ ብቻ ነበር። ነገም ሱቁን መክፈት ለፈለገ ሰው ያ ገንዘብ የሚቀጥለው ዕቃ ዋጋ ነው። ይህን ሳይለይ የሚቀጣ ተቆጣጣሪ ደባቂውንና በደህና የሚሠራውን ሱቅ በአንድ ላይ ያሽጋል።

መንግሥትና ነጋዴ በዚሁ ስህተት የተጋጩበት ትልቅ አጋጣሚም አለን። በ2009 ዓ.ም. ክረምት፣ መዝገብ የማይዙት የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በብዙ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ነበር። ግምቱ የቀን ሽያጭን የሚመለከት ነበር። ብዙ ነጋዴ ግን ቁጥሩን ሲሰማ "ይህን ያህል በቀን አተርፋለሁ ማለታቸው ነው" ብሎ ደነገጠ፤ ትርፍ እንዳልሆነ ለማስረዳት ባለሥልጣናት ብዙ ደከሙ። የኛዋ ባለ ቡቲክ የቀን ገቢሽ 16,000 ብር ነው ብትባል እውነት ነው፤ የቀን ትርፍሽ ነው ከተባለች ግን ከሠላሳ አራት እጥፍ በላይ ተጋንኖባታል። ያን ጊዜ የግምቱ ፍትሐዊነት አከራከረ፣ አሠራሩም ብዙ ተወቀሰ፤ ወቀሳው አብዛኛው ትክክል ነበር። እኔ የማነሳው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሽያጭ ወደ ትርፍ የሚወስደው መንገድ ለየንግድ ዓይነቱ በተመደበ የትርፍ መቶኛ ተባዝቶ የሚገኝ ነበር። በአንድ መቶኛ ኪራይ የሚከፍለውንና በራሱ ቤት በር ላይ የሚሸጠውን እኩል ማድረግ፣ ጭማሪን ትርፍ ብሎ ከመጥራት ብዙም የማይርቅ ስህተት ነው። ሁለቱ ሱቆች ጭማሪያቸው አንድ ሆኖ አንዱ በወር 45,000 ብር ኪራይ ስለሚከፍል ብቻ የተጣራ ትርፋቸው ሰማይና ምድር ነው።

ተቃዋሚዬ በዚህ ጊዜ የሚያነሳውን አውቃለሁ። "ሦስት በመቶ ከሆነ ትርፉ፣ እነዚያ መርካቶ ያሉ ባለጸጎች ከየት መጡ?" ይላል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን የእሱን ሐሳብ አይደግፍም። አብዛኞቹ ጅምላ ነጋዴዎች ሃምሳ በመቶ አይጨምሩም። አንድ ሚሊዮን ብር ይዞ ዘይት ወይም ሳሙና በካርቶን የሚያከፋፍል ሰው ሦስት በመቶ ጨምሮ በሳምንት ሁሉንም ሊሸጥ ይችላል። በሳምንት 30,000፣ በአራት ሳምንት 120,000 ብር ጠቅላላ ትርፍ። ለመጋዘን፣ ለተሸካሚና ለጸሐፊ 60,000 ቢያወጣ 60,000 ይቀረዋል። ከሽያጩ ጋር ስናነጻጽረው አንድ ተኩል በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከቡቲኩ ህዳግ ግማሽ ነው። በብር ግን የቡቲኳ ነጋዴ ካገኘችው 12,140 አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እሷም ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ገንዘብ አሥራለች፤ የእሷ ዕቃ ግን ሦስት ወር ተኝቶ ነው የሚወጣው፤ የእሱ በሳምንት ይዞራል። ሀብቱን የሠራው ዑደቱ ነው፤ ጭማሪው እጅግ ትንሽ ነበር።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ኮስትኮን ያውቁታል። ኩባንያው በዕቃ ላይ ከ14 በመቶ በላይ፣ በራሱ ምርት ላይ ደግሞ ከ15 በመቶ በላይ ላለመጨመር የያዘው ልማድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የበጀት ዓመቱ ከሸጠው ከመቶ ዶላር ዕቃ ላይ የዕቃው ዋጋ ሲወጣ የቀረው አሥር ዶላር ተኩል ገደማ ነበር፤ ሱቆቹንና ሠራተኞቹን ለማስተዳደር ዘጠኝ ገደማ ወጣ። ከሥራ ካገኘው ስምንት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ አራት ቢሊዮን ተኩል ገደማ፣ አባላት በየዓመቱ ከሚከፍሉት መዋጮ ጋር የሚስተካከል ነው። ግብር ሁሉ ተከፍሎ የተጣራው ከገቢው ሦስት በመቶ አልሞላም። ከዓለም ታላላቅ ቸርቻሪዎች አንዱ በዚህ ቀጭን ህዳግ የሚኖረው ዕቃው በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ስለሚዞር ነው። እሱን አይቶ "ትንሽ ጨምሮ መሸጥ ያዋጣል" ብሎ ዕቃው በዓመት አራት ጊዜ ብቻ በሚዞርበት ቡቲክ 14 በመቶ የሚጨምር ሰው ሦስት ወር አይቆይም። ትንሽ ጭማሪም ሆነ ትልቅ ጭማሪ ብቻውን ስለ ትርፍ የሚነግረን ነገር የለም።

ስለዚህ የገበያ ዋጋ የሚቆጣጠር አካል የመግዣና የመሸጫ ደረሰኝ ጎን ለጎን አስቀምጦ ብይን መስጠት የለበትም። ኪራዩን፣ ዕቃው ስንት ቀን እንደተኛ፣ መተኪያው ስንት እንደሆነ ሳያይ የሚናገረው መቶኛ ማንንም ጥፋተኛም ንጹሕም አያደርግም። ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ሱቅ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰውም፣ ከሪያድ ይላክ ከዋሽንግተን፣ "በስንት ገዝታችሁ በስንት ትሸጣላችሁ" ብሎ ማቆም የለበትም። የወሩን ቆጠራ ይጠይቅ።

ነጋዴዋስ ዋጋዋን እንዴት ታውጣ? ከታች ወደ ላይ። ከሽያጯ አሥር በመቶ የተጣራ ትርፍ፣ ግብር ሳይነካው፣ ትፈልጋለች እንበል። የ300 ልብስ መግዣ ከነማጓጓዣው 306,000 ብር ነው። ወጪዎቿ፣ ብልሽቱና የራሷ ደመወዝ ተደምረው 100,360 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ 406,360 ይሆናሉ፤ ይህ ከሽያጩ ዘጠና በመቶ እንዲሆን ሽያጩ 451,500 ብር ገደማ መድረስ አለበት፤ በአንድ ልብስ በአማካይ 1,505 ብር። ይህ የሚገባው ገንዘብ ነው። በክርክርና በዘመን ማለፍ ምክንያት ከተለጠፈው ዋጋ የሚገባላት 93 በመቶው ብቻ መሆኑን ካለፈው ወር አይታለች። ስለዚህ የምትለጥፈው 1,505 ለ0.93 ተካፍሎ 1,620 ብር ገደማ ነው፤ በመግዣው ላይ 62 በመቶ። ገበያው 1,620ን የማይቀበል ከሆነ ከዋጋው ላይ ዓይኗን አንስታ ወደ ሌሎቹ መስመሮች ትመለስ፤ በ900 ብር ወደሚሸኙት ሠላሳ ልብሶች፣ ያለ ደረሰኝ ወደምትገዛበት አከፋፋይ፣ ውሉ ሊታደስ ወደቀረበው 45,000 ብር ኪራይ።